ውኃ የገባበት ስልክ የመጀመሪያ እርዳታ

ባለፈው ክረምት የልጄ ስልክ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወደቀ። ቶሎ ስላወጣነው ብርሃኑ አልጠፋም ነበር። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብዬ ቻርጀር ሰካሁበት። ወዲያው ድርግም አለና ቀረ። የልጅ ልጄ የክርስትና ፎቶዎች በሙሉ በውስጡ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥናቸውም።

በማግስቱ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ አጠገብ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። «ማዘር፣ ውኃ ፎቶ አያጠፋም» አለኝ። «ፎቶው ያለበትን ክፍል ሥራ የሚያስፈታው፣ ውኃው ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ነው። ያኔ በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይበላሉ።»

ስለዚህ ስልካችሁ ውኃ ከገባበት በመጀመሪያ አጥፉት፤ ከጠፋም ለመሞከር ብላችሁ አታብሩት፣ ቻርጀርም አትሰኩበት። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ሲም ካርዱንና ሜሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ አድርቁ። ፎቶው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ከነበረ፣ ካርዱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብዙ ጊዜ በሌላ ስልክ ይከፈታል። ከዚያ ስልኩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ የቻርጀር ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጉት።

ሩዝ ውስጥ መቅበሩ ይቅርባችሁ። ሩዝ በውስጥ ያለውን ሳሙናና ጨው አያወጣም፣ ብናኙም ቀዳዳ ይደፍናል፤ እናንተ ስትጠብቁ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል። ፀሐይና የፀጉር ማድረቂያም ባትሪውን ይጎዳሉ። ባትሪው ካበጠ ወይም ከጋለ ከሰውና ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት።

ላፕቶፕም እንዲሁ ነው፤ ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ይዛችሁ አጥፉት፣ ክፍት አድርጋችሁ ኪቦርዱን ወደ ታች ድፉት።

ጠጋኙ ስልኩን ሲፈታው የቻርጀር ቀዳዳው አካባቢ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። በለስላሳ ብሩሽና በአልኮል አጠበው። እኔ ለቁስል የምንጠቀምበት አልኮል ቤቴ እንዳለ ብነግረው ሳቀብኝ፤ የእኛው 70 በመቶ ነው፣ ቀሪው ውኃ ነው። እሱ የሚጠቀመው ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ነው።

ስክሪኑ ስለሞተ ከምን አለሽ ተራ ያገለገለ ስክሪን ተገዛ። «ቦርዱንም እዚያው አግኝተን እንቀይረው?» ብለው ከለከለኝ። በአሁኖቹ ስልኮች ፎቶው የሚቆለፈው ከራሱ ቦርድ ጋር ስለሆነ፣ ቦርዱ ከተቀየረ ስልኩ ይሠራል፤ ፎቶው ግን ይቀራል። ስለዚህ ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ «የምፈልገው ስልኩን ሳይሆን ፎቶውን ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የመክፈቻ ቁጥሩንም አስታውሱ፤ ያለ እሱ አይከፈትም።

ስልኩ እንደበራ፣ ሳንደዋወልበት ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥን። ጥሩ አደረግን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ ጠፍቶ አልነቃም። ፎቶዎቹ ግን ፍላሹ ላይ አሉ።