ካሳው በየትኛው ስሌት ይወሰናል?

አርሶ አደሩ ለልማት ተብሎ ከይዞታው ሲነሣ፣ ገማቾች ቤቱንና ማሳውን በአንድ ሚዛን አይለኩም። ተመሳሳይ ንብረት የተሸጠበትን ዋጋ ማነጻጸር ገበያ ባለበት ሁሉ ተመራጭ ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ግን መሬት ስለማይሸጥ ለእርሻ ማሳ የሚነጻጸር ዋጋ አይገኝም።

በመሆኑም ቤቱ በወጪ ይገመታል፤ ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚጠይቀው የግንባታ ዕቃና የጉልበት ዋጋ ይሰላል። ማሳው ግን የሚገመተው በገቢው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ በዘላቂነት ለሚነሣ ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው ደንግጓል።

ከፍተኛው ገቢ የተገኘው ከ10 ኩንታል ጤፍ ነው፣ የአንዱ ኩንታል ዋጋም 6,000 ብር ነው እንበል። ገቢው 60,000፣ ካሳው 900,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 63,000 ብር ያስገኛል። ለጊዜው ከማሳው ገቢ አያንስም፤ የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር ግን ወለዱ ባለበት ይቀራል። የስሌቱ ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለናል።

ክርክር የሚበዛው ግን በተመዘገበው ምርት ላይ ነው። ገማቹ 10 ኩንታሉን 9 ብሎ ከጻፈ፣ የአንድ ኩንታል ጉድለት በ15 ተባዝቶ ካሳውን በ90,000 ብር ይቀንሰዋል። ባለይዞታው ከመፈረሙ በፊት ሊያጣራው የሚገባው የምርቱን መጠንና የተያዘለትን የገበያ ዋጋ ነው።