ፎቶው ውስጥ አያትም ይግቡ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ልብስ ነው። ያውም ስለ አንድ ሰው ልብስ ሳይሆን ልጆቹን ይዞ ፎቶ ሊነሳ ስለተሰናዳ ቤተሰብ ልብስ።

አንዲት እህታችን ደብዳቤ ጽፋልኛለች። የመጨረሻ ልጇ 1 ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ፣ ባለቤቷ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃቸው፣ የ5 ዓመቱ ወንድ ልጅና ጨቅላው ስቱዲዮ ሄደው ሊነሱ አስበዋል። ለአምስቱም ሽሮ ሜዳ ወርዳ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጭ የሐበሻ ልብስ ልታሠራ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ግን ባላቸው ካረፉ ገና 8 ወራቸው ነው፤ ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። «እናንተ ነጭ በነጭ ሆናችሁ እኔ መሃል ገብቼ ላበላሽባችሁ? ተዉኝ፤ ሌላ ጊዜ እነሳለሁ» ብለዋል። እህታችን የምትጠይቀኝ «ለአንድ ቀን ብቻ ጥቁሩን እንዲያወልቁ እንዴት አድርጌ ልለምናቸው?» ብላ ነው።

እህቴ፣ አትለምኛቸው! ሐዘናቸውን ለፎቶ ብለው አያወልቁም፤ ቢያወልቁም ፊታቸው ላይ ይታወቃል። «ሌላ ጊዜ» የሚባለው ነገር ደግሞ ለአዛውንት መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል? የሚለወጠው የእሳቸው ሳይሆን የአምስታችሁ ልብስ ነው።

ነገሩን ልብ በሉት። ጥቁሩን ባዳ ያደረገው ጥቁርነቱ አይደለም፤ አምስቱ አንድ ዓይነት መልበሳቸው ነው። አምስት ሰው ዩኒፎርም ከለበሰ ስድስተኛው እንግዳ ይሆናል። ደግሞም ነጭ ከነጭ፣ ጥለት ከጥለት ጋር ሲጠጋጋ የእናትየዋ ክንድ የት ላይ አልቆ የልጅቷ ትከሻ የት ላይ እንደጀመረ አይለይም። ፎቶው ላይ የሚቀረው ከአንድ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ብቅ ብቅ ያለ ጭንቅላት ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከማይለወጠው። እዚህ ቤት የማይለወጠው የአያትየው ጥቁር ቀሚስና ነጭ ነጠላ ነው። ቀጥሎ እናትየው በጣም የምትወደውን አንድ ልብስ ትምረጥ። የሐበሻ ቀሚስ ትልበስ፣ ምን ከፋ! ግን እሷ ብቻ። ጥለቱ ጥቁር አረንጓዴና ወርቃማ ነው እንበል። እንግዲህ ቀለም ፍለጋ ገበያ መዞር ቀረ፤ ጥለቱ ራሱ ነገረን። ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ወርቃማ አለን። ማሳረፊያ እንዲሆን ግራጫ እንጨምርበት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቀለም ቢያንስ ሁለት ሰው ላይ ይታይ፤ አንዱ ላይ በሰፊው፣ ሌላው ላይ በትንሹ። ሁለተኛ፣ አንድን ቀለም በሰፊው የለበሱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አይቁሙ።

በዚህ መንገድ የእህታችንን ቤተሰብ እናልብሰው። አያትየው መሃል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጨቅላው ጭናቸው ላይ ነው። ነጭ ብናለብሰው ጥቁሩ ላይ እንደ አምፖል ይበራና ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ፈዛዛ ግራጫ ይልበስ፣ ካልሲው ወርቃማ ይሁን። በቀኛቸው የ9 ዓመቷ ልጅ ደብዘዝ ያለ ወርቃማ ቀሚስ ለብሳ ትቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ ጥቁር ሪባን። በግራቸው ወንዱ ልጅ ከጥለቱ ትንሽ ፈካ ያለ አረንጓዴ ሹራብና ግራጫ ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ። ከልጅቷ ኋላ አባትየው ይቆማል። የሠርጉን ጥቁር ሱፍ ማውጣቱ አይቀርም፤ ግን ከእናቱ ጥቁር ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጥላ ይሆናልና ግራጫውን ይልበስ፣ አረንጓዴ ክራቫት ይሰር። ከወንዱ ልጅ ኋላ እናትየው በነጭ ቀሚሷ።

አሁን አያትየውን እዩዋቸው። ጥቁራቸው ልጅቷ ሪባን ላይና ወንዱ ልጅ ጫማ ላይ አለ። ነጭ ነጠላቸው ከምራታቸው ቀሚስ ጋር ይነጋገራል። ማንም እሳቸውን መስሎ አልለበሰም፤ እሳቸው ግን እንግዳ አይደሉም። መሃል የተቀመጡ የቤት ባለቤት ናቸው።

ቀለሙ ከተስማማ በኋላ የሚቀረው ብርሃን ነው። ካሜራ ድምቅ ያለ ነጭና ጭልም ያለ ጥቁር አንድ ላይ ሲያይ ይቸገራል። ለጥቁሩ ካደላ ነጩ ተቃጥሎ ጥለቱ ይጠፋል፤ ለነጩ ካደላ ደግሞ ፊታችን ይጠቁራል። ግራጫውንና ወርቃማውን መሃል የከተትነው ለዚህ ነው። ይህን ስቱዲዮ ሳትሄዱ ቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ልብሶቹን በምትቆሙበት ተራ አልጋ ላይ ዘርጓቸው፣ በስልክ አንሷቸው፣ ከዚያም ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ሁለት ጎረቤታም ልብሶች አንድ ግራጫ ሆነው ከተዋሃዱ አንዱን ቀይሩ። አንዱ ከሁሉም ቀድሞ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባም እሱ ሌላውን ይውጣልና አደብዝዙት። ስቱዲዮው ጋም ቀድማችሁ ደውሉ፤ የመጋረጃውን ቀለም ጠይቁ። አረንጓዴ ሹራብ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቢቆም ጭንቅላት ብቻ ነው የሚቀረው።

ጌጠኛ ልብስ አንድ ሰው ላይ ይብቃ፤ እዚህ ቤት ጥለቱ ነው። በተለይ አባቶች ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ይወዳሉ። እንዲህ ያለ መስመር ፎቶ ላይ አንዳንዴ ልብሱ ላይ የሌለ ሞገድ ያወጣል። ሜዳ ሸሚዝ ይሻላል።

የ5 ዓመቱ ጎረምሳ «የኳስ ማሊያዬን ካልለበስኩ» ማለቱ አይቀርም። ማሊያ ላይ ቁጥርና ጽሑፍ አለ፤ ፎቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ፊት ሳያይ ጽሑፉን ያነባል። አትጣሉት፣ ተዋዋሉት፤ የመጨረሻዋን አንድ ፎቶ በማሊያው ይነሳል። ለሹራቡም እናንተ ካጸደቃችኋቸው ሁለት ራሱ አንዱን ይምረጥ። ራሱ የመረጠውን ልጅ እየጎተተ አያወልቅም።

ከቀኑ 3 ቀን በፊት ልጆቹን ሙሉ ልብስና ጫማ አልብሷቸው። እጃቸውን ያንሱ፣ ወለል ላይ ይቀመጡ፣ ቤት ውስጥ ይሩጡ። ሆድ ብቅ ካለ ወይም ቀሚሷ ከተሰበሰበ ጊዜ አላችሁ። አንገቱን የሚያክ ልጅ ካለ የልብሱን ምልክት ወይም ሻካራ ስፌት ፈልጉ፤ ፎቶ ላይ የምናየው ኩርፊያ ብዙ ጊዜ ምንጩ እሱ ነው። በዕለቱ መጀመሪያ ይብሉ፣ ልብሱን መጨረሻ ይልበሱ። ለጨቅላው ያው ቀለም ያለው ቅያሪ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ ነጭ ቅያሪ ብቻ ከያዛችሁ ስንደክምበት የዋልነው ሁሉ በአንድ ትውከት ይፈርሳል።

እህቴ፣ ሽሮ ሜዳ ልትከፍይ የነበረው የአምስት ሰው ልብስ አሁን የአንድ ሰው ሆኗል፤ የቀረው ሁሉ ምናልባት ቁም ሳጥንሽ ውስጥ አለ። ለአማትሽ ግን አታስረጃቸው። ልብሶቹን አልጋው ላይ ስትዘረጊ ነጠላቸውን መሃል አድርጊና ጥሪያቸው። ቦታቸውን ራሳቸው ይዩት።