ማሸጊያው ላይ 33፣ ጆሮ ውስጥ ስንት?

ጎረቤቴ የሆነ ወጣት እዚህ ቨርጂኒያ የታጠቀ ጥበቃ ሆኖ ለመሥራት ሥልጠና ጀምሯል። ወደ ተኩስ መለማመጃው አዳራሽ ከመሄዱ በፊት ባለው ምሽት ሁለት ዕቃ ይዞ ቤቴ መጣ። አንዱ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ብርቱካንማ የስፖንጅ ውታፍ ነው፤ ሌላው እንደ ሄድፎን ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ የጆሮ መሸፈኛ። «ጋሼ፣ ውታፉ 33 ይላል፣ መሸፈኛው 25። ርካሹ ከበለጠ ውዱን ልመልሰው?» አለኝ።

አትመልሰው አልኩት። ምክንያቱን ግን ቁጭ ብለን በወረቀት አሰላነው።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ኤንአርአር ይባላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1979 ጀምሮ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ እንዲጻፍ ያስገደደው የድምፅ ቅነሳ መለኪያ ነው። የሚለካው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ባለሙያ በጥንቃቄ ካጠለቀ በኋላ፣ ሳያቋርጥ በሚሰማ ድምፅ ነው። ተኩስ እንዲህ አይደለም። ድንገት ይፈነዳል፤ ጆሮም ለመከላከል ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ 33 የሚለውን ዕቃው በጣም ከተመቸው የሚያደርገው ነገር አድርጌ ነው የማየው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለዓመታት ሲመክር የኖረው በእውነተኛው ዓለም ለመገመት ቁጥሩን እንድንቀንስ ነው። ከመሸፈኛ አንድ አራተኛውን፣ ከስፖንጅ ውታፍ ግማሹን። ውታፉ ላይ ቅጣቱ የከበደው ብዙ ሰው በትክክል ስለማያስገባው ነው። በዚህ ሒሳብ 33ቱ ወደ 16 ተኩል ይወርዳል፣ 25ቱ ደግሞ ወደ 19 ግድም። ትንሹ ቁጥር ትልቁን በለጠው ማለት ነው።

ወጣቱ የሚተኩስበት 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የጩኸቱ ጫፍ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ለድንገተኛ ድምፅ የተለመደው የአደጋ ወሰን 140 ነው። ውታፉ ብቻ ከሆነ 143 ተኩል ይቀራል፣ መሸፈኛው ብቻ ከሆነ 141። ግምት ነው፤ ግን ሁለቱም ከወሰኑ በላይ ናቸው። ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን በሚመልሱበት አዳራሽ ደግሞ የጎረቤት ተኳሽም ጩኸት ይደርሳል።

ሁለቱን ደራርበህ አድርግ ያልኩት ለዚህ ነው። «ታዲያ 33 ሲደመር 25፣ 58 አይደል?» አለ። አይደለም። የተለመደው ሥሌት ከፍተኛው ላይ 5 ብቻ መጨመር ነው። ጆሮን የቱንም ያህል ብንደፍነው ድምፁ በራስ ቅል አጥንት በኩል አልፎ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል፤ ያንን መንገድ ውታፍ አይዘጋውም። የተቀነሰውን 19 ይዘን 5 ብንጨምር 24 ይሆናል፤ 160ው ወደ 136 ይወርዳል። ያቺ 5 ከወሰኑ በታች ታስገባናለች።

ከዚያ ውታፉን እንዴት እንደሚያስገባ አሳየሁት። በደረቀና በንጹሕ ጣት እንደ ቀጭን እርሳስ እስኪሆን ያለ እጥፋት መጠቅለል። በሌላው እጅ ከጭንቅላት በላይ ዞሮ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፤ ቀዳዳው የሚቀናው ያኔ ነው። አስገብቶ እስኪያብጥ ድረስ በጣት ደግፎ ግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ። እሱ መጀመሪያ ያስገባው ግማሹ ውጭ ቀርቶ ነበር። ከፊት ለፊት ሳየው ብርቱካኑ ቀለም ከጆሮው ወጥቶ ይታያል። በትክክል ሲገባ ውታፉ ከፊት አይታይም፤ የራስም ድምፅ ጭንቅላት ውስጥ ይጎላል። ሌላው መፈተኛ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ጆሮን በሁለት መዳፍ መክደን ነው። መዳፉ ድምፁን ብዙ ከቀነሰው ውታፉ በደንብ አልደፈነም።

መሸፈኛውም ደካማ ጎን አለው። የመነጽር ዘንግ ከትራሱ ሥር ሲያልፍ ክፍተት ይፈጥራል፣ ድምፁም በዚያ ይገባል። መነጽር በአዳራሹ ግዴታ ስለሆነ ዘንጉ ቀጭን የሆነውን እንዲመርጥ ነገርኩት፤ ፀጉርና የኮፍያ ጠርዝ ከትራሱ ሥር እንዳይገባም።

በማግሥቱ ማታ ደወለ። ጆሮው አልጮኸም፤ ድምፅ እንደ ታፈነ ሆኖም አልተሰማውም። ከተኩስ በኋላ ጆሮ ከጮኸ ወይም ሰው ሲያወራ ሰ፣ ሸ እና ፈ ከጠፉ መከላከያው አልበቃም ማለት ነው። የሰማሁት ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ አሠልጣኙ «ተኩስ አቁም» ሲል ዘግይቶ ነው የሰማው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሸፈኛውን ማይክሮፎን ባለው የኤሌክትሮኒክ ዓይነት እንዲቀይረው መከርኩት። ንግግሩን ከፍ ያደርጋል፣ ተኩሱን ግን አያሳልፍም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 22 ወይም 23 ነው፤ ከውታፉ ጋር ሲደረብ ይበቃዋል። ውታፉን ሳያወጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሠልጣኙን መስማት ይችላል።