ማይነስ 4 ስንት ነው?

የብዙ ሰው ፋንታሲ የሚበላሸው አርብ ነው። አሰልጣኙ በጋዜጣዊ መግለጫው «ልምምድ አልሠራም፣ ነገ እናያለን» ይላል፤ ከተጫዋቹ ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት ይመጣል። ማናጀሩ ግን ነፃ ዝውውሩን ሰኞ ጨርሶታል፤ ዋጋ ሳይጨምር ልቅደም ብሎ። በ7.0 የገዛው ልጅ 7.1 ቢገባ እንኳ ሲሸጠው የሚያገኘው ያንኑ 7.0 ነው፤ ከትርፉ የሚሰጠው ግማሹ ሲሆን እሱም ወደ ታች ይጠጋጋል። ለዚች ብሎ ነው አርብ ላይ ባዶ እጁን የቀረው።

ከዚያ ማይነስ 4 ይወስዳል። ሰበቡም የታወቀ ነው፦ «አዲሱ ልጅ አንድ ጎል ካገባ ይመልሰዋል።»

አይመልሰውም። አዲሱ ልጅ የሚወዳደረው ከዜሮ ጋር አይደለም፣ ቤንች ላይ ከተቀመጠው ጋር ነው። የተጎዳው ጭራሽ ካልተሰለፈ ቤንች ላይ ያለው በራሱ ይገባል። 60 ደቂቃ የሚጫወት የ4.5 ተከላካይ 2 ነጥብ አለው፤ ክለቡ ጎል ካልገባበት 4 ይጨመርለታል። አዲሱ አማካይ ጎል ቢያገባ 5፣ ለመሰለፉ 2፣ ጠቅላላ 7። 4ቱ ሲቀነስ 3 ይቀራል። ያ ሁሉ ሩጫ ከቤንቹ በ1 ነጥብ ለመብለጥ ነው። ጎል ካላገባ ደግሞ 2 ሲቀነስ 4፣ ማይነስ 2፤ ከቤንቹ በ4 ያንሳል።

«ቀጣይ ሦስት ቀላል ጨዋታ አለው» የሚለውም አያዋጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ነፃ ዝውውር ስለሚመጣ ሁለቱ ጨዋታዎች በነፃ ይገኛሉ። በ4 ነጥብ የተገዛው የዚህ ሳምንቱ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።

ማይነስ 4 የሚያዋጣበት ጊዜ ግን አለ። አንደኛው፣ ብሩ ሁሉ ኮከቦች ላይ አልቆ ቤንቹ በማይሰለፉ የ4.0 ልጆች ሲሞላ ነው፤ ያኔ ውድድሩ በእርግጥም ከዜሮ ጋር ነው። ሁለተኛው ካፒቴን ሲጎዳ ነው። ሳላህ በ2024/25 344 ነጥብ ሲሰበስብ በሳምንት 9 ገደማ ነበር፤ በካፒቴንነት 18 ማለት ነው። ከቡድኑ ውስጥ የሚቀጥለው ካፒቴን 6 የሚጠበቅበት፣ ቤንቹ 2 ከሆነ፣ ባለመቀየር የሚገኘው 6 ሲደመር 6 ሲደመር 2፣ 14 ነው። 8 የሚጠበቅበትን ገዝቶ ካፒቴን ማድረግ 16 ሲደመር የቀድሞው 6፣ ሲቀነስ 4፣ 18 ይሆናል። እዚህ ላይ ይወሰዳል።

ቢጫ ያለበትን ካፒቴን ግን «ምክትሉ አለ» ብሎ መተው አያስፈልግም። ምክትሉ የሚተካው ካፒቴኑ አንድም ደቂቃ ካልገባ ነው። 85ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ከገባ 1 ነጥቡ ተባዝቶ 2 ይሆናል፣ ምክትሉም ይቀራል። ካፒቴን መቀየር ደግሞ ነፃ ነው።

የውድድር ዘመኑ 38 ሳምንት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ማይነስ 4 የሚወስድ ማናጀር በግንቦት 76 ነጥብ ከፍሏል። ሚኒ ሊጉን የተበላው በስንት ነጥብ እንደሆነ ከዚያ ጋር ያስተያየው።