ሙዳየ ቃላቱን ከመደርደራችሁ በፊት

ለሥልጠና መጻሕፍት አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ባለፈው ወር የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የሥልጠና መጽሐፉን ይዞ መጣና «እጣ ማለት የቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባለው ሙዳየ ቃላት በ«አ» ሥር «እጣ» የሚል ቃል አለ፤ ፍቺው «አባል ሲመዘገብ የሚከፍለው ገንዘብ» ይላል። ሁለት ገጽ አልፎ በ«ዐ» ሥር ደግሞ «ዕጣ» አለ፤ «አባሉ በማኅበሩ ካፒታል ውስጥ ያለው ድርሻ» ተብሎ ተፈቷል። ትክክሉ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ገንዘብ ያዥ ግን የአባሉን ድርሻ የመመዝገቢያ ክፍያ አድርጎ ይመዘግበዋል።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ አውቃለሁ፤ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ሁለት ተርጓሚዎች መጽሐፉን ይካፈላሉ፣ እያንዳንዳቸው እንደለመዱት ይጽፋሉ፣ መጨረሻው ቀን ላይ ሁለቱ ዝርዝር ይጋጠምና የመደርደሪያው ቁልፍ ይጫናል። ኮምፒውተሩ የሚደረድረው ፊደሉ በተሰጠው ቁጥር ነው። የቁጥሩ ተራ በመሠረቱ የሀለሐመ ተራ ስለሆነ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ለማሽኑ ግን «እ» እና «ዕ» አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው የከ፣ የኸና የወ ቃላት በሙሉ ይገባሉ። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ቢወድቁ ኖሮ የፍቺው መጋጨት አራሚው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። «ኅብረት»ማ የባሰ ነው፤ አንዱ በህ፣ አንዱ በሕ፣ አንዱ በኅ ሲጽፈው አንዱ ቃል 1ኛ፣ 3ኛና 13ኛ ፊደል ሥር ይበተናል።

ስለዚህ ከመደርደራችሁ በፊት የቃሉና የፍቺው ዓምዶች አጠገብ ለጊዜው ሦስተኛ ዓምድ ክፈቱ። ቃሉን እዚያ ገልብጡና ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ከነዘራቸው ተኩ። ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ መልሱ፤ አለዚያ «ዓመት» እና «አመት» አይገናኙም። ከዚያ ሠንጠረዡን በዚህ ዓምድ ደርድሩ። «ዕጣ» እና «እጣ» ተከታትለው ይመጣሉ፤ ያኔ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ፍቺውን አስታርቁ፣ ሦስተኛውን ዓምድም አጥፉ። ለኅትመት የሚቀረው የመረጣችሁት አጻጻፍ ነው። አንባቢው በሌላው ፊደል ሊፈልግ ስለሚችልም ከሙዳየ ቃላቱ በላይ ሞክሼ ፊደላት በአንድ ቦታ መደርደራቸውን በአንድ መስመር ንገሩት።

ስትደረድሩ ሠንጠረዡን በሙሉ ምረጡ። አንዱ ዓምድ ብቻ ከተመረጠ ቃላቱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ፍቺዎቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ገጹ ግን ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ቃል ወስዳችሁ ካልተደረደረው ፋይል ጋር አስተያዩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።