በወለድ ስም የሚሳሳ ጥሪት

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

በዓለም ከተማ በ7 በመቶ ወለድ 10,000 ብር ያስቀመጠ አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። ከዓመት በኋላ ደብተሩ 10,700 ብር ያሳያል፤ ይህ የስም ወለድ ነው። ንረቱን 30 በመቶ ብቻ ብንለው እንኳ፣ በ10,000 ብር ይሸመት የነበረው አስቤዛ 13,000 ብር ይጠይቃል። ብዙዎች 7ን ከ30 ቀንሰው «ኪሳራው 23 በመቶ ነው» ይላሉ። ንረቱ ሲከፋ ግን ይህ አቋራጭ ያሳስታል፤ 10,700ን ለ13,000 ማካፈል ይገባል። ሠራተኛው የቀድሞውን አስቤዛ 82 በመቶ ያህል ብቻ ይገዛል፤ እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች 18 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው።

የጎደለውስ ወዴት ሄደ? ከንረቱ ባነሰ ወለድ ወደ ተበደረው ወገን ነው፤ እርሱ ዕዳውን የሚከፍለው የመግዛት አቅሙ በሳሳ ብር ነውና።