እንዶድ የሚገድለው ምንን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ በዓድዋ ከተማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ። ምርመራው በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ቀጠለ።

ይህን የሰማ ሰው «የቢልሃርዚያ መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ለማውራት ይቸኩላል። ነገር ግን ግኝቱ ይህን አላለም። በዓድዋ የታየው የቢልሃርዚያ ትል ዕንቁላሉ ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ከዕንቁላሉ የወጣው እጭ በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዶድ ይህን መንገድ የሚቆርጠው ከቀንድ አውጣው ላይ ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን የቢልሃርዚያ ትል ግን አይነካውም።

ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳይመስለን። እንዶድ ሲጠጣ መርዝነት ያለው ነውና፣ «መድኃኒት ነው» የተባለች እናት ለታመመ ልጅዋ በጥብጣ ብታጠጣው ጥፋቱ የተናጋሪውም ነው።

ቁጥርም ሲነገር እንዲሁ መጠንቀቅ ይገባናል። በዓድዋ ወንዞች እንዶድ አምስት ዓመት ያህል ከተሞከረ በኋላ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በሕዝቡ በጠቅላላ ግን ከ63 በመቶ ወደ ግማሹ ያህል ነው የቀነሰው። ስለ ምን ተለያየ ቢሉ፣ ትሉ በሰው ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚኖር ትልልቆቹ የቀድሞውን ትል ይዘው ቆይተዋል፤ ሕፃናቱ ግን ገና አልተያዙም ነበር። ስለዚህ የሕፃናቱ ቁጥር የሚያሳየው አዲስ መያዝ መቀነሱን እንጂ የታመሙት መዳናቸውን አይደለም። የመቀነሱም ምክንያት እንዶድ ብቻ ነው ከማለታችን በፊት፣ በእነዚያ ዓመታት የውሃው ወይም የኑሮው ሁኔታ ተለውጦ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን።

ሌላም ወሰን አለ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መጠን የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል በደንብ አያጠፋም፤ ዓሣን ግን ይገድላል። ስለዚህ ወንዙ አንድ ጊዜ ታክሞ የሚተው አይደለም፤ ዓሣ የሚጠመድበት ስፍራም ሌላ ምክር ይሻል።

እንግዲህ ተማሪው በሰፈሩ፣ ወጣቱ ሹም በወረዳው ስለዚህ ግኝት ቢጠየቅ፣ መልሱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፤ «እንዶድ በወንዝ ያለውን ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ደጋግመው ቢያደርጉት አዲስ የሚያዘውን ሰው ሊቀንስ ይችላል፤ የታመመ ሰው ግን እንዶድ አይጠጣ፣ ወደ ሐኪም ይሂድ።» በዚህ ቃል የዶክተር አክሊሉ ሥራ አንዳች አይጎድልበትም።